ፒሲኤ፦ ዘንጉ እንዴት ይዞራል? ስንቱስ ይበቃል?

አምስት ተማሪዎች ሒሳብና ፊዚክስ ተፈተኑ እንበል፤ ሁለቱም ከ10 የሚታረሙ። ሒሳቡን አስቀድመን ስንጽፈው ውጤታቸው 4 እና 4፣ 5 እና 3፣ 6 እና 5፣ 7 እና 7፣ 8 እና 6 ነው። ሒሳብን በአግድም፣ ፊዚክስን በቁም ይዘን ወረቀት ላይ ብናሰፍራቸው ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ የተዘረጋች አነስተኛ የነጥብ መንጋ ትታየናለች። በሒሳብ ጎበዝ የሆነው በፊዚክስም ደህና ነው፤ ሁለቱ ውጤቶች ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩናል።

አሁን ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ቁጥር ሳይሆን አንድ ቁጥር ብቻ እንድንመዘግብ ብንገደድ የትኛውን እንመርጣለን? ሒሳቡን ብቻ ብንይዝ ፊዚክሱ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ፕሪንሲፓል ኮምፖነንት አናሊሲስ፣ በአጭሩ ፒሲኤ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው አዲስ መስመር በማስመር ነው። ከነባሮቹ ዘንጎች አንዱን እንድንመርጥ አያስገድደንም፤ ዘንጉን ራሱን እናዞረዋለን።

መጀመሪያ መሃሉን እናገኛለን። የሒሳብ አማካይ 6፣ የፊዚክስ 5 ነው። ከእያንዳንዱ ውጤት አማካዩን ስንቀንስ ነጥቦቹ (−2, −1)፣ (−1, −2)፣ (0, 0)፣ (1, 2) እና (2, 1) ይሆናሉ። መንጋው ቅርጹን አልለወጠም፤ መሃሉ ብቻ ዜሮ ላይ መጣ። ይህን እርምጃ የዘለለ ሰው የሚያገኘው የመጀመሪያ ዘንግ መንጋው ወዴት እንደተዘረጋ ላይነግረው ይችላል። ብዙ ጊዜ መንጋው ከዜሮ በየት አቅጣጫ እንደሚገኝ ብቻ የሚጠቁም ይሆናል።

ቀጥሎ በመሃሉ የሚያልፍ አንድ መስመር እናሰምርና ቀስ እያልን እናዙረው። በእያንዳንዱ አቅጣጫ ላይ ከየነጥቡ ወደ መስመሩ ቀጤ ነክ እንጥላለን። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ርቀቶች እናገኛለን፦ አንዱ ነጥቡ መስመሩ ላይ ያረፈበት ቦታ ከመሃሉ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ሌላው ነጥቡ መስመሩ ላይ ለማረፍ ምን ያህል እንደተጓዘ። ጥሩ መስመር የትኛው ነው ብለን ብንጠይቅ ሁለት ምክንያታዊ መልሶች አሉ። አንዱ ማረፊያዎቹ እርስ በርስ በጣም የሚራራቁበት ነው ይላል፤ ያኔ ተማሪዎቹን መለየት ይቻላልና። ሌላው ነጥቦቹ ለማረፍ ትንሽ ብቻ የሚጓዙበት ነው ይላል፤ ያኔ የምንጥለው ነገር አነስተኛ ነውና።

ሁለቱ መልሶች አንድ መሆናቸውን የሚያሳየው የፓይታጎረስ ቴረም ነው። (2, 1)ን እንውሰድ። ከመሃሉ እስከ ነጥቡ ያለው ርቀት በካሬ 4 + 1 = 5 ነው፤ መስመሩን የትም ብናዞረው ይህ አይለወጥም። መስመሩ አግድም ከሆነ ማረፊያው በካሬ 4፣ ጉዞው 1 ነው። መስመሩን 45 ዲግሪ ብናነሳው ማረፊያው 4.5፣ ጉዞው 0.5 ይሆናል። ድምሩ ሁልጊዜ 5 ስለሆነ አንዱ ያገኘውን ሌላው ያጣል። ስለዚህ የማረፊያዎቹን ስርጭት ማብዛትና የተጣለውን ርቀት ማሳነስ አንድ ሥራ ነው።

የአምስቱንም እንደምር። ጠቅላላው 20 ነው። አግድም መስመር ላይ 10 ማረፊያ፣ 10 ጉዞ እናገኛለን። በ45 ዲግሪ መስመር ላይ 18 ማረፊያ፣ 2 ጉዞ። ከዚህ የተሻለ አቅጣጫ የለም፤ የመጀመሪያው ዋና ዘንግ ይህ ነው። ቫሪያንስ ለማግኘት ከነጥቦቹ ብዛት አንድ ቀንሰን ለ4 ስናካፍል 4.5 እና 0.5 ይወጣል። በመጻሕፍት አይገንቫልዩ የሚባሉት እነዚሁ ቁጥሮች ናቸው፦ መንጋው በየዘንጉ ላይ ያለው ስርጭት። ከጠቅላላው 5 ውስጥ የመጀመሪያው ዘንግ 90 በመቶውን፣ በቀጤ ነክ የሚያቋርጠው ሁለተኛው 10 በመቶውን ይዟል።

ካርል ፒርሰን በ1901 ጉዳዩን ያቀረበው በዚሁ በጂኦሜትሪው በኩል ነበር፤ ለነጥቦች በጣም የሚቀርበውን መስመርና ጠለል በመፈለግ። ሃሮልድ ሆቴሊንግ በ1933 ከስርጭቱ በኩል መጣ። መንገዶቹ የሚገናኙት ከላይ ባለው የፓይታጎረስ ጎነ ሦስት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሪግሬሽን ጋር ያምታታዋል። ለእነዚሁ አምስት ነጥቦች ፊዚክስን ከሒሳብ ለመተንበይ የሚሰመረው የሪግሬሽን መስመር ተዳፋቱ 0.8 ነው፤ ስህተትን የሚለካው በቁም ብቻ ስለሆነ። ነገሩን ገልብጠን ሒሳብን ከፊዚክስ ብንተነብይ በዚያው ወረቀት ላይ 1.25 ተዳፋት ያለው መስመር ይወጣል። የፒሲኤ መስመር ተዳፋቱ 1 ነው፤ ከሁለቱ መሃል ይውላል። ለአንዱም ትምህርት አያዳላም፤ ምክንያቱም የሚለካው ርቀት በቀጤ ነክ ነው።

ግን የአለማዳላቱ ነገር መለኪያው ላይ ይወሰናል። ሒሳቡ ከ100፣ ፊዚክሱ ግን እንደነበረው ከ10 ቢታረምና የሒሳብ ውጤቶቹ 40፣ 50፣ 60፣ 70፣ 80 ቢሆኑስ? ተማሪዎቹ ያው ናቸው፣ ችሎታቸውም ያው ነው። የሒሳብ ቫሪያንስ ግን ከ2.5 ወደ 250 ይዘላል። መንጋው በአግድም ስለተለጠጠ የመጀመሪያው ዘንግ ከ45 ዲግሪ ወርዶ ወደ 4.6 ዲግሪ ይተኛል፤ ሒሳብ ራሱ ሆነ ማለት ይቻላል። ያም ዘንግ ከስርጭቱ 99.6 በመቶውን እንደያዘ ሪፖርት ይደረጋል! ከ90 ወደ 99.6 ያሻቀበው የተሻለ ነገር ስላገኘን አይደለም፤ የእርማት ወረቀቱ ስለተቀየረ ነው። አንድ ጽሑፍ “የመጀመሪያው ኮምፖነንት 99 በመቶ ይዟል” ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው መለኪያዎቹ እኩል ተደርገው ነበር ወይ የሚለው ነው። መፍትሔው እያንዳንዱን ተለዋዋጭ በስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ማካፈል ነው፤ ያኔ ሁሉም 1 ቫሪያንስ ይዘው በእኩል ይገባሉ። ሁሉም በአንድ አሃድ የተለኩ ከሆኑና የስርጭታቸው ልዩነት ራሱ ትርጉም ካለው ግን ሳያካፍሉ መተውም ትክክል ነው።

ከሁለት በላይ ተለዋዋጭ ሲኖር አሠራሩ አይለወጥም። የመጀመሪያው ዘንግ መንጋው በጣም የተዘረጋበት ነው። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ቀጤ ነክ ከሆኑት አቅጣጫዎች ሁሉ ስርጭቱ የሚበዛበት፣ ሦስተኛው ለሁለቱም ቀጤ ነክ የሆነው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አራት ተለዋዋጭ ካለ አራት ዘንግ ይገኛል። አራቱንም ከያዝናቸው የጠፋ ነገር የለም፤ መንጋውን ከሌላ ማዕዘን ማየት ብቻ ነው። መረጃ የሚጠፋው አንዳንዶቹን ዘንጎች ስንጥል ነው። ስለዚህ ዋናው ውሳኔ ስንቱን እንያዝ የሚለው ነው፤ ኮምፒውተሩም ይህን አይወስንልንም።

ለዚህ በስታቲስቲክስ ትምህርት ሁሉም የሚያውቀውን የአይሪስ አበባ ዳታ እንውሰድ። ኤድጋር አንደርሰን የለካቸውን ሮናልድ ፊሸር በ1936 አሳተማቸው፦ 150 አበቦች፣ ከሦስት ዝርያ 50 50። በእያንዳንዱ ላይ ሴፓል የሚባለው ውጪኛው የአበባ ቅጠልና ፔታል የሚባለው ውስጠኛው ቁመታቸውና ስፋታቸው በሴንቲሜትር ተለክቷል። አበባው እንግዲህ በአራት ዳይሜንሽን ውስጥ ያለ አንድ ነጥብ ነው።

መለኪያዎቹን እኩል አድርገን ብናሰላ አራቱ አይገንቫልዩዎች 2.918፣ 0.914፣ 0.147 እና 0.021 ናቸው። ድምራቸው 4 ነው፤ እያንዳንዳቸው 1 ይዘው የመጡ አራት ተለዋዋጮች ስላሉ። በመቶኛ ሲሆኑ 73፣ 22.9፣ 3.7 እና 0.5 ገደማ። (በእናንተ ኮምፒውተር 2.911 እና 0.921 ከወጣ አትደንግጡ፤ ዩሲአይ የተባለው የኢንተርኔት የዳታ ማከማቻ ያስቀመጠው ቅጂ 35ኛውና 38ኛው አበባ ላይ ስህተት አለበት።) የመጀመሪያው ዘንግ ለፔታል ቁመት 0.58፣ ለፔታል ስፋት 0.56፣ ለሴፓል ቁመት 0.52 ክብደት ይሰጣል፣ ለሴፓል ስፋት −0.27። በጥቅሉ የአበባው ትልቅነት ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ላይ የሴፓል ስፋት 0.92፣ ቁመቱ 0.38 ሲሆን ፔታሎቹ የሉም ማለት ነው። ምልክቶቹ በሙሉ ተገልብጠው ቢወጡ ለውጥ የለውም፤ መስመር ሁለት ጫፍ አለው፣ የትኛው አዎንታዊ ይባል የሚለውን ፕሮግራሙ እንደመጣለት ይመርጣል።

እንግዲህ ስንቱን እንያዝ? በጣም የተለመደው መንገድ የመቶኛ ገደብ ማውጣት ነው። 70 በመቶ ይበቃናል ካልን አንድ ዘንግ፣ 95 ካልን ሁለት፣ 99 ካልን ሦስት። ችግሩ ግልጽ ነው፤ መልሱን የሰጠው ዳታው ሳይሆን እኛ ያወጣነው ገደብ ነው። የሬይመንድ ካተል የ1966 ዘዴ አይገንቫልዩዎቹን በግራፍ ደርድሮ ቁልቁለቱ የሚታጠፍበትን ቦታ መፈለግ ነው። እዚህ ግን አንዱ ሰው ከአንደኛው ቀጥሎ ነው የታጠፈው ሲል ሌላው ከሁለተኛው ቀጥሎ ነው ሊል ይችላል፣ ሁለቱም አልተሳሳቱም።

የሄንሪ ካይዘር የ1960 ሕግ የተሻለ ምክንያት አለው፦ አንድ ተለዋዋጭ ብቻውን 1 ቫሪያንስ ይዞ ይመጣል፤ ከ1 በታች የሆነ ዘንግ ከአንድ ነባር ተለዋዋጭ ያነሰ ስለያዘ ይጣል። በዚህ ሕግ 0.914 ለጥቂት ወድቆ አንድ ዘንግ ብቻ ይቀራል። ሕጉ በተቃራኒው በኩል ደግሞ የላላ ነው። ምንም ዝምድና የሌላቸው ተለዋዋጮች ብንወስድም፣ ናሙናው ውስን በመሆኑ ብቻ መንጋው በአንዳንድ አቅጣጫ በአጋጣሚ ረዘም ስለሚል አንዳንድ አይገንቫልዩዎች ከ1 ይበልጣሉ። ተለዋዋጮቹ ብዙ፣ ናሙናው ትንሽ ከሆነ ካይዘር አጋጣሚውን ሁሉ ዘንግ ነው ብሎ ይቀበላል።

ጆን ሆርን በ1965 ያቀረበው ዘዴ ይህንኑ አጋጣሚ ይለካል። በዛሬ አሠራር ቀላሉ መንገድ እያንዳንዱን ዓምድ ለብቻው መበወዝ ነው። የየተለዋዋጩ ስርጭት እንዳለ ይቆያል፤ በተለዋዋጮቹ መካከል የነበረው ዝምድና ግን ይበተናል። የተበወዘው ዳታ የሚሰጠው አይገንቫልዩ አጋጣሚ ብቻውን ምን ያህል ሊያስረዝም እንደሚችል ያሳየናል። ከዚያ የማይበልጥ ዘንግ አይያዝም።

```python
import numpy as np
from sklearn.datasets import load_iris

X = load_iris().data
Z = (X - X.mean(0)) / X.std(0, ddof=1)
real = np.linalg.eigvalsh(np.cov(Z.T))[::-1]

rng = np.random.default_rng(1)
sims = []
for _ in range(1000):
    S = np.column_stack([rng.permutation(c) for c in Z.T])
    sims.append(np.linalg.eigvalsh(np.cov(S.T))[::-1])

print(real.round(3))
print(np.percentile(sims, 95, axis=0).round(3))
```

በአይሪስ ላይ የመጀመሪያው 2.918 አጋጣሚ ከሚያመጣው እጅግ ይርቃል። ሁለተኛው ግን አያልፍም፤ የተበወዘው ዳታ ሁለተኛ አይገንቫልዩ ከ1 ጥቂት ከፍ ይላል፣ የእኛው ደግሞ 0.914 ነው። ፈተናው አንድ ብቻ ያዙ ይለናል።

እኔ ግን እዚህ ላይ አልቀበለውም፤ ምክንያቴም ጂኦሜትሪያዊ ነው። ጠቅላላው ስርጭት 4 ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዘንግ 2.918 ከወሰደ ለቀሩት ሦስቱ በጋራ የተረፈው 1.082 ነው። ሁለተኛው ዘንግ የተረፈውን ሁሉ ጠቅልሎ ቢወስድ እንኳ ከ1.082 ማለፍ አይችልም። እንዲህ ጠባብ በሆነ ቦታ ሙሉ 4ቱን እንደ አዲስ ከሚካፈል የተበወዘ ዳታ ጋር ማወዳደር ለሁለተኛው ፍትሐዊ አይደለም። ካይዘርም ሆርንም የመጀመሪያው ዘንግ በጣም ሲገዝፍና ተለዋዋጮቹ ጥቂት ሲሆኑ በኋለኞቹ ላይ ይጨክናሉ።

ትክክለኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን ዘንግ ካወጣን በኋላ የቀረው መንጋ ክብ ነው ወይስ ገና ርዝመት አለው የሚለው ነው። ክብ ቢሆን ኖሮ ሦስቱ ቀሪዎች እያንዳንዳቸው ወደ 0.36 ይዘው ይገኙ ነበር። ያገኘነው ግን 0.914፣ 0.147፣ 0.021 ነው፤ ሁለተኛው ብቻውን ከቀረው 84 በመቶ ያህሉን ይዟል። ይህ ክብ አይደለም፣ ግልጽ አቅጣጫ አለው፤ አቅጣጫውም የሴፓል ስፋት እንደሆነ አይተናል። ስለዚህ ሁለተኛው ይያዛል።

በተገላቢጦሽ፣ ሁለት አይገንቫልዩዎች በጣም ከተቀራረቡ በእነርሱ መሃል መቁረጥ አይገባም። መንጋው በዚያ በኩል ክብ ስለሆነ የትኛው ዘንግ ቀዳሚ እንደሆነ የሚወስነው አጋጣሚ ነው። ይህን ለማየት ከ150ዎቹ አበቦች እየመለስን በዕጣ 150 እናወጣና ፒሲኤውን ደግመን እናሰላለን፤ ይህን ብዙ ጊዜ እንደጋግማለን። ዘንጉ በየጊዜው ወደዚያው አካባቢ የሚያመለክት ከሆነ እናምነዋለን። እንደ ነፋስ መጠቆሚያ የሚሽከረከር ከሆነ ለዚያ ዘንግ ስም ሰጥቶ ትርጉም መተንተን ከንቱ ነው፤ ወይ ሁለቱንም መያዝ፣ ወይ ሁለቱንም መጣል ነው።

የስርጭት መቶኛ ለብዙ ሰው ግልጽ ስለማይሆን ስህተቱን ወደ ሴንቲሜትር መመለስ ይሻላል። የአይሪስ ልኬቶች ሁሉም በሴንቲሜትር ስለሆኑ ሳናካፍል እናስላው። አሁን አይገንቫልዩዎቹ 4.228፣ 0.243፣ 0.078 እና 0.024 ናቸው፣ አሃዳቸው ካሬ ሴንቲሜትር። የተጣሉት ዘንጎች ድምር ማለት አበቦቹ ከያዝነው መስመር ወይም ጠለል በአማካይ ያላቸው ርቀት በካሬ ነው፤ ያ ከላይ ያየነው የቀጤ ነክ ጉዞ። አንድ ዘንግ ብቻ ከያዝን 0.345 ይቀራል፤ ለአራቱ ልኬቶች አካፍለን ካሬ ሥሩን ስንወስድ በእያንዳንዱ ልኬት ላይ 0.29 ሴንቲሜትር ያህል እንስታለን። ሁለት ከያዝን ስህተቱ 0.16፣ ሦስት ከያዝን 0.08 ሴንቲሜትር ይሆናል። አበቦቹ የተለኩት እስከ 0.1 ሴንቲሜትር ነው። ዓላማችን ልኬቶቹን በዚያው ልክ መልሶ ማግኘት ከሆነ ሦስት ዘንግ ያስፈልገናል። መንጋውን በወረቀት ላይ ለማየት ከሆነ ግን ሁለቱ ይበቃሉ፤ 1.6 ሚሊሜትር በሥዕል ላይ ምንም አይደለም። አንድ ዳታ ለሁለት ሥራ ሁለት የተለያየ ቁጥር ሰጠን ማለት ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር፣ ትንሽ ስርጭት ያለው ዘንግ ጥቅም የሌለው ዘንግ አለመሆኑ ነው። ወደ አምስቱ ተማሪዎች እንመለስ። 7 እና 7 ያገኘው፣ 8 እና 6 ያገኘውም በመጀመሪያው ዘንግ ላይ የሚያርፉት አንድ ቦታ ነው። ሁለተኛውን ዘንግ ከጣልነው ሁለቱ ተማሪዎች አንድ ሰው ሆኑ። አጠቃላይ ደረጃቸውን ለማወቅ ከሆነ ይህ ችግር የለውም። ማን ወደ ሒሳብ ያደላል፣ ማን ወደ ፊዚክስ የሚለውን ለማወቅ ከሆነ ግን መልሱ በሙሉ የነበረው በጣልነው 10 በመቶ ውስጥ ነው። ፒሲኤ የሚያየው መንጋው የት እንደተዘረጋ ብቻ ነው፤ እኛ ምን ልንጠይቅ እንዳሰብን አያውቅም።

በአይሪስም እንዲሁ፣ ስሌቱ ስለ ዝርያዎቹ ምንም ሳይነገረው ነው የሚሠራው። ሴቶሳ የተባለው ዝርያ በመጀመሪያው ዘንግ ብቻ ለብቻው ተነጥሎ ይወጣል። ቨርሲከለርና ቨርጂኒካ ግን ዳርና ዳራቸው ይደራረባል፣ ሁለተኛውን ዘንግ መጨመሩም ብዙ አይለያቸውም። ሥራው ዝርያ መለየት ከሆነ ስንት ዘንግ እንደሚበቃ ከአይገንቫልዩ አይነበብም። ከአበቦቹ የተወሰኑትን ለይቶ አስቀምጦ፣ በቀሩት ላይ አማካዩንም ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑንም ዘንጎቹንም አስልቶ፣ በ1፣ በ2፣ በ3 እና በ4 ዘንግ የተለዩት ስንቶቹ በትክክል እንደታወቁ መቁጠር ነው። ተለይተው የተቀመጡት አበቦች በስሌቱ ውስጥ አስቀድመው ከገቡ ዘንጉ እነርሱንም አይቶ ስለሚዞር ቆጠራው ከእውነቱ ሊያምር ይችላል።